«ሰውየው እየጠበቀኝ ነው»

ገንዘብ ከባሕር ማዶ ወደ ቤተ ሰብ ሲመጣ ማንም አይደነቅም። በስንቱ ቤት የኪራይ፣ የታናሽ ወንድም የትምህርት ቤትና የእናት መድኃኒት ወጪ የሚሸፈነው ዱባይ ወይም ሪያድ፣ ቤይሩት ወይም ዋሽንግተን ባለ ዘመድ ነው። ታዲያ ይህ የለመድነው ነገር አንድ ቀን ተገልብጦ፣ ላኪው ጠያቂ ሆኖ ሲመጣ ልባችን ከአእምሯችን ይቀድማል። ይህን ያህል ዓመት ስትልክ የኖረች እኅት ዛሬ «ላክልኝ» ብትል እንዴት እምቢ ይባላል? ምክንያቱን መጠየቅ እንኳ ውለታ መርሳት ይመስላል። በሰው ስም ገንዘብ የሚለምኑ ሌቦች ዋና ካፒታላቸው ይኸው ይሉኝታችን ነው።

ነገር ግን ችግሩ ሁለት ወገን አለው። የሐሰቱን መልእክት ያመነ ሰው ገንዘቡን ያጣል። ሌባ እንዳይሰርቀው ብሎ ለሁሉም ጆሮውን የደፈነ ሰው ደግሞ አንድ ቀን እውነተኛ እኅቱን በጭንቅ ጊዜ ሊተዋት ይችላል። ስለዚህ «ከውጭ ገንዘብ የሚጠይቅ ሁሉ አታላይ ነው» የሚለው ምክር ለእኛ አይበቃንም። የተቻኮለና የተጨነቀ መልእክት ሐሰት ነው ማለትም አይቻልም፤ እውነተኛ ችግርም ያስቸኩላልና። የሚሻለው መልእክቱን ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር አይቶ፣ ቀጥሎም አንድ ተራ ጥያቄ ጠይቆ፣ መልእክቱ በጥያቄው ፊት እንዴት እንደሚሆን መመልከት ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እናቁም። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ሁለት ዓመት የሆነው፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ወጣት አለ እንበል። ታላቅ እኅቱ ዱባይ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። እርሱ «እታለም» ይላታል፤ እርሷም ከሕፃንነቱ ጀምሮ «አባቴ» ነው የምትለው። ዐርብ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በእርሷ ቴሌግራም፣ በእርሷ ፎቶግራፍ፣ ይህ መልእክት ይደርሰዋል፦

«ሰላም ወንድሜ እንዴት ነህ። በጣም አስቸኳይ ችግር ገጥሞኛል። አሁን በስልክ ማውራት አልችልም። እስከ 11 ሰዓት 38,000 ብር ላክልኝ፣ ሰኞ እመልስልሃለሁ። ሰውየው እዚህ እየጠበቀኝ ነው። ለእማዬ እንዳትነግራት፣ ትደነግጣለች።»

ከዚህ በታች የአንድ ባንክ የሒሳብ ቁጥርና ወጣታችን ሰምቶት የማያውቅ የሰው ስም ተጽፏል።

እስቲ ይህን መልእክት እንደ አንድ የመዝገብ ቤት ጉዳይ ቀዝቀዝ ብለን እናንብበው። ችግሩ ምንድን ነው? አልተጻፈም። «ሰውየው» ማን ነው? የአሠሪዋ ወንድም ነው፣ ፖሊስ ነው፣ ደላላ ነው? አልተጻፈም። ዱባይ ላለ ችግር አዲስ አበባ ያለ ብር ምን ያደርጋል? ይህም አልተጻፈም። በአንጻሩ ግን ሦስት ነገሮች ፍጹም ግልጽ ናቸው፤ የገንዘቡ ልክ፣ የመጨረሻው ሰዓትና የሒሳብ ቁጥሩ። ጸሐፊው ሊቀበል የፈለገውን ሁሉ በትክክል ጽፎ፣ ሊጠየቅበት የሚችለውን ሁሉ በጉም ሸፍኖታል። የችግሩን ምክንያት ለመጻፍ ጊዜ ያጣ ሰው አሥራ ሦስት አኃዝ ያለው የሒሳብ ቁጥር አንድም ሳይስት ለመጻፍ ጊዜ ማግኘቱ ያስገርማል።

ደግሞም እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር አንድ አንድ በር ይዘጋል። «በስልክ ማውራት አልችልም» የሚለው ድምፅን ይዘጋል። «እስከ 11 ሰዓት» የሚለው ማሰቢያ ጊዜን ይዘጋል። «ሰኞ እመልስልሃለሁ» የሚለው፣ ሰውየው ለራሱ «ለሦስት ቀን ነው እኮ» ብሎ እንዲጽናና ነው። «ለእማዬ እንዳትነግራት» የሚለው ግን ከሁሉ የከፋ ነው ብለን እናስባለን፤ ምክንያቱም በርኅራኄ የተጠቀለለ ነውና። በእኛ አገር አንድ ወጣት ይህን ያህል ገንዘብ ሲልክ ቢያንስ ከአንድ ሰው ጋር ይማከራል፤ ብዙ ጊዜም ያ ሰው እናት ናት። እናት ደግሞ «ትናንት ማታ እኮ አነጋግሬያታለሁ፣ ደህና ናት» ብላ ሥራውን ሁሉ በአንድ ቃል ልታበላሸው ትችላለች።

ስለ ገንዘቡ ልክም አንድ ነገር እንጨምር። ዱባይ የሚኖር ሰው የሚያስበው በድርሃም ነው። ቅጣትም ቢሆን፣ የአውሮፕላን ትኬትም ቢሆን፣ የክፍል ኪራይም ቢሆን በመጀመሪያ በድርሃም ይጠራል፤ ብሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ተሰልቶ ነው። በመልእክቱ ውስጥ ድርሃም የሚባል ቃል ከነጭራሹ አለመኖሩ ጸሐፊው የሚያስበው በእኛ ገንዘብ መሆኑን ይጠቁማል። እርግጥ ነው፣ ሕግ ባይፈቅደውም፣ እዚያ ድርሃም የሚሰጥ፣ እዚህ በዘመዱ በኩል ብር የሚቀበል ሰው እየተፈለገ ገንዘብ ከባንክ ውጭ ይላካል። «ሰውየው» የሚለውም አንባቢው ይህን ልማድ አስታውሶ ክፍተቱን በራሱ ግምት እንዲሞላው የተተወ ቃል ነው። ሌባው ታሪኩን አልፈጠረም፤ እኛ ራሳችን እንድንፈጥርለት ነው የተወው።

አሁን የእኅት አካውንት በሌባ እጅ እንዴት እንደሚገባ እንመልከት፤ ይህን ያወቀ ሰው ችኮላው ከየት እንደመጣ ይገባዋልና። ቴሌግራም አንድ ሰው በአዲስ ስልክ ሲገባ አምስት አኃዝ ያለው ኮድ ይልካል። ሌባው ይህን ኮድ ከባለቤቷ በዘዴ ይወስዳል። ለምሳሌ ከአንዲት ጓደኛዋ ስም «የልጄ ፎቶ ውድድር ውስጥ ገብቷል፣ እባክሽ ድምፅ ስጪልኝ» የሚል ሊንክ ይመጣል፤ ሊንኩን ስትነካ ስልክ ቁጥሯንና የደረሳትን ኮድ ጻፊ ትባላለች። እርሷ ለሕፃን ድምፅ የሰጠች መስሏት የቤቷን ቁልፍ አስረክባለች። ጓደኛዋም ቢሆን ከአንድ ቀን በፊት በዚሁ መንገድ የተሰረቀች ናት።

ቴሌግራም የቆየውን የጽሑፍ ልውውጥ የሚያስቀምጠው በኩባንያው ማእከል ስለ ሆነ፣ ሌባው ሲገባ የወንድምና የእኅትን የብዙ ጊዜ ወሬ ሁሉ ያገኘዋል። ስለዚህ በደንብ ያነበበ ሌባ «አባቴ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ የእናትን የጉልበት ሕመምም ሊጠቅስ ይችላል። ባለፈው ሐምሌ ስንት ብር እንደተላከም ያያል። የእኛ ምሳሌ ሌባ «ወንድሜ» ያለው ሰነፍ ስለ ሆነ ነው፤ ሁሉም ሰነፍ አይደሉም። የቤት ስም መጠራቱ ዘመድነትን አያረጋግጥም ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ያገኘ ሌባ ስለምን ይቸኩላል? ባለቤቷ ገና አልወጣችምና ነው። በእርሷም ስልክ ላይ አካውንቱ ይሠራል፤ አዲስ ስልክ መግባቱን የሚናገር ማስታወቂያም ይደርሳታል። በቴሌግራም አሠራር ደግሞ አዲስ የገባ ስልክ የቀድሞውን ስልክ ወዲያው ሊያስወጣ አይችልም፤ ሃያ አራት ሰዓት መቆየት አለበት። እርሷ ግን በማንኛዋም ደቂቃ ልታስወጣው ትችላለች። እርሱ የሚጽፈው በእርሷም ስልክ ላይ ስለሚታይ እየጻፈ ከእርሷ ወገን መሰረዝ አለበት። በሰው ቤት የምትሠራ ሴት ቀን ቀን ስልኳን የማየት ዕድሏ ጥቂት ነው፤ ሥራዋን ጨርሳ ስልኳን እስክታነሣ ድረስ ያለው ጊዜ የሌባው የሥራ ሰዓት ነው። እንግዲህ «እስከ 11 ሰዓት» የተባለው ቀነ ገደብ የእኅት ችግር ቀነ ገደብ ሳይሆን የሌባው የራሱ መሆኑን አንባቢ ይረዳልናል።

ወጣታችን ወደ ጻፈው መልስ እንመለስ። እርሱም እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ «እታለም ምን ሆነሽ ነው? ሰውየው ማን ነው?»

መልሱ በግማሽ ደቂቃ መጣ፦ «ለማስረዳት ጊዜ የለኝም። ታምነኛለህ ወይስ አታምነኝም? ገንዘቡ ከሌለህ ንገረኝና ሌላ ሰው ልጠይቅ።»

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ነውና። የተጠየቀው ስለ አንድ ሰው ማንነት ነበር፤ የተመለሰው ግን ስለ ፍቅርና ስለ እምነት ነው። በእውነት የተቸገረ ሰው «ምን ሆነሽ?» ሲባል ይዘረግፈዋል። እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ከሚፈለገው በላይ ይናገራል፤ መዳም እንዲህ አለችኝ፣ ልጇ እንዲህ አደረገ፣ ወረቀቴን የያዘው ቢሮ ያለው እዚህ ቦታ ነው፣ የጎረቤት ሠራተኛ የነገሌ አገር ልጅ ግማሹን አበድራኛለች ይላል። ታሪኩ የተዘበራረቀ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ስምና ቦታ ይበዛበታል። ሌባው ግን ዝርዝር የለውም። በተጠየቀ ቁጥር የሚጨምረው ችኮላውን ብቻ ነው። ጥያቄ ሲመጣ እውነተኛው ዘመድ ወደ ዝርዝር፣ ሐሰተኛው ወደ ቁጣ ይሄዳል ለማለት ይቻላል።

ወጣታችን ግን ቁጣውን ፈርቶ አላቆመም፤ ሌላ ጥያቄ አሰበ። የጥያቄው ዓይነት ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የእናት ስም፣ የተወለዱበት ቀበሌ፣ የተማሩበት ትምህርት ቤት አይረቡም፤ እነዚህ በፌስቡክ ላይ ይገኛሉ። በቴሌግራም የተጻፈም ነገር አይረባም፤ ሌባው ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ያነበዋል። የሚጠቅመው በአፍ ብቻ የተነገረ፣ ቤት ውስጥ የቀረ ነገር ነው፤ የድሮ ላም ስም፣ በልጅነት የተሰበረ ማሰሮ፣ አብረው የተገረፉበት ጥፋት።

ከዚህም የሚቀል አንድ ዘዴ አለ፤ የሌለ ነገርን እንዳለ አድርጎ መጠየቅ ነው። ወጣታችን አባቱ ብቸኛ ልጅ ነው፤ በአባቱ ወገን አክስት የምትባል የለችውም። እንግዲህ እንዲህ ጻፈ፦ «እሺ እየሞከርኩ ነው። በነገራችን ላይ የአባባ እኅት ከሆስፒታል ወጣች፤ ደወለችልሽ ወይ?»

መልሱ፦ «አዎ እግዚአብሔር ይመስገን ደውላልኛለች። ገንዘቡን ላክኸው?»

እግዚአብሔር ያልፈጠራት አክስት ከሆስፒታል ወጥታ ዱባይ ደወለች ማለት ነው! እውነተኛዋ እኅት ብትሆን «የምን አክስት? ጤና የለህም እንዴ!» ብላ ትጮህበት ነበር። ይህን ጥያቄ የምንወደው ክርክር ስለማያስነሣ ነው። ማንም ሰው እንደተጠረጠረ አያውቅም፤ እውነተኛ ዘመድ ከሆነም የሚቀየመው ነገር የለም።

ስለ ድምፅ ደግሞ ጥቂት እንበል። «መጀመሪያ ደውል፣ ካልመለሰች ሌባ ነው» ይባላል፤ ይህ ምክር በዱባይ ላይ ሁልጊዜ አይሠራም። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በዋትስአፕና በመሰሎቹ በድምፅ መነጋገር ለብዙ ዓመታት ተከልክሎ ኖሯል፤ አሠሪዎችም በሥራ ሰዓት ስልክ የሚከለክሉበት ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ «ማውራት አልችልም» ማለት ብቻውን ውሸት አይደለም። ሆኖም መጸዳጃ ቤት ገብታ ረዥም መልእክት ለመጻፍ የቻለች ሴት ዐሥር ሰከንድ የሚሆን ድምፅ ቀድታ ለመላክ አያቅታትም። ይህን ሲጠይቁም ለተጠየቀው ነገር መልስ የሚሰጥ ድምፅ መሆን አለበት። «ሰላም ነህ አባቴ፣ ደህና ነኝ» የሚል የቆየ ድምፅ በቴሌግራሙ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ሌባው ያንኑ መልሶ ሊልክ ይችላልና። ሰውን ድምፅ አስመስሎ መሥራትም በዘመናችን የሚቻል ነገር ሆኗል። ስለዚህ የድምፁ መምሰል ሳይሆን የመልሱ ትክክል መሆን ነው የሚታየው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በሌላ መንገድ መሄድ ነው። በቴሌግራም የመጣን ጉዳይ በዚያው በቴሌግራም ማጣራት ሌባውን ስለ ራሱ ምስክር አድርጎ እንደ መጥራት ነው። በመደበኛው የስልክ መስመር ወደ ዱባይ መደወል ዋጋ አለው፤ ግን ከ38,000 ብር ጋር ሲተያይ ምን ያህል ይሆናል? እርሷ ካላነሣች አብራት የምትውል ጓደኛ፣ ካልሆነም የአገሯ ልጅ የሆነች ሌላ ሠራተኛ ትኖራለች። የእነዚህን ሰዎች ቁጥር ችግር ሳይመጣ በፊት ከእኅት ተቀብሎ በወረቀት መያዝ ጠቃሚ ነው።

በመጨረሻም የተቀባዩ ስም አለ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ መላክ የአንድ ደቂቃ ሥራ ሆኗል፤ ባንኮችም በስልክ ያስልካሉ። ሁለቱም ገንዘቡ ከመሄዱ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያሉ። ብዙዎቻችን ይህን ስም የምናየው ቁጥር አለመሳሳታችንን ለማወቅ ብቻ ነው። የሚገባው ጥያቄ ግን «ይህ ሰው ለእኅቴ ምኗ ነው?» የሚለው ነው። የሒሳቡ ባለቤት ብዙ ጊዜ ሌባው ራሱ አይደለም፤ በጥቂት ብር ሒሳቡን ያከራየ፣ አልፎ አልፎም ምን እንደሚሠራበት የማያውቅ ሰው ነው። ገንዘቡም እዚያ አያድርም፤ እንደ ደረሰ ይወጣል ወይም ወደ ሌላ ሒሳብ ይሄዳል።

የላከ ሰው ካለም ቢያንስ ሰዓቱን አያባክን። በንግድ ባንክ ከሆነ 951፣ በቴሌብር ከሆነ 127 ደውሎ የዝውውሩን መለያ ቁጥር መንገር፣ ቀጥሎም ለፖሊስ ማመልከት ይገባዋል። ባንኩ በአንድ ሰው አቤቱታ ብቻ ከሌላው ሒሳብ አንሥቶ አይመልስም፤ ገንዘቡ ገና ካልወጣ ግን የመያዝ ተስፋ አለ፤ ተስፋው በየደቂቃው ይቀንሳል።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ድብስብስ ያለ መልእክት ሁሉ የሌባ ነውን?» ይለን ይሆናል። አይደለም። ኀፍረትም ሰውን ያደበስባል። ከሥራ የተባረረ ወንድም፣ ተበድሮ የከሰረ አጎት፣ ሳታገባ ያረገዘች እኅት ገንዘብ ሲጠይቁ ምክንያቱን ይሸሽጋሉ። ልዩነቱ ግን ይታያል። ያፈረ ሰው ምክንያቱን ይደብቃል እንጂ ራሱን አይደብቅም፤ «አትጠይቀኝ፣ ኋላ እነግርሃለሁ» ይላል፣ ድምፁን ግን ያሰማል፤ ነገ ቢሰጠውም ይቀበላል፤ ስለሌለች አክስት ሲጠየቅም ይስቃል። ሌባው በአንጻሩ ትልቅ ምክንያት እንዳለው እያስመሰለ ማንነቱን ነው የሚደብቀው።

ከዚህ ሁሉ የተለየ፣ እኛም በዚህ ገጽ ልንጨርሰው የማንችለው ሌላ ጉዳይ አለ። በሊቢያ በኩል የሄዱ ልጆች በደላሎች ተይዘው እየተደበደቡ ለቤተ ሰባቸው የሚደውሉበት ጊዜ አለ። በዚያ ድምፁም እውነት ነው፣ ሥቃዩም እውነት ነው፤ ማስፈራራቱና ችኮላው ደግሞ የያዛቸው ሰው ነው። ይህን በጥያቄ ብልሃት መፍታት አይቻልም፤ ቤተ ሰብም ብቻውን ሊሸከመው የሚገባ ጉዳይ አይደለም። ከእኛ ምሳሌ ጋር እንዳይምታታ ብቻ አነሣነው።

ወጣታችን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እኅቱን በጓደኛዋ ስልክ አገኛት። ከዚህ በኋላ የቀረው ሥራ የእርሷ ነው። በቴሌግራም Settings ውስጥ Devices የሚለውን ከፍታ የማታውቀውን ስልክ ታያለች፤ Terminate All Other Sessions የሚለውን ስትነካ ሌባው ይወጣል። ቀጥላም Two-Step Verification በሚለው ቦታ የራሷን የምስጢር ቃል ታስገባለች፤ ከዚያ ወዲያ አምስቱ አኃዝ ብቻውን በሩን አይከፍትም። ይህን ከጨረሰች በኋላ ለሚያውቋት ሁሉ መጻፍ አለባት። ሌባው ያን ቀን የጻፈው ለወንድሟ ብቻ አይደለምና፤ በዚያችው ሰዓት ያው «ሰውየው» ለአጎቷ፣ ለቀድሞ ጎረቤቷና ገንዘብ ተበድራ ለማታውቀው የክርስትና ልጇ እናትም ሲጠብቅ ነበር።